የወንዙ ኩርባ ስንት ሜትር ነው? ሦስት ልክ፣ አንድ አጥር

ጥያቄ፦ «ከጅማ ወጣ ብሎ ማና ወረዳ የቤተሰብ የቡና ማሳ አለን። አንዱ ጎን ወንዝ ነው። ወንዙ እዚያ ጋ ዞሮ ይመለሳል፣ ማሳችን ኩርባው ውስጥ ነው። በዚያ ጎን ሽቦ ልናጥር ነው። እኔ 20 ሜትር የናይለን ሲባጎ እየወጠርኩ ዳሩን ዳሩን ለካሁ፣ 406 ሜትር መጣ። ወንድሜ ያንኑ ሲባጎ አራት አጥፎ፣ በአምስት አምስት ሜትር፣ የውኃውን ጠርዝ ተከትሎ ለካ፣ 452 አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ 1፡50,000 ካርታ ላይ ክር አስተኝቶ 350 ሜትር ነው ይላል። ማናችን ነን ትክክል? የሦስቱን አማካይ ይዤ ሽቦ ብገዛስ?»

የቀያሹ ምላሽ፦ አማካዩን አይውሰዱ። አማካይ የሚጠቅመው ያው አንድ መስመር፣ በዚያው ዘዴ፣ ደጋግሞ ሲለካ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ልክ በትንሹ ይበልጣል፣ ሌላው በትንሹ ያንሳል፣ ሲካፈል ስህተቱ ይጣፋል። እናንተ ግን ሦስት የተለያዩ መስመሮች ነው የለካችሁት። አንዱ ካርታ ሠሪው ያሰመረውን፣ አንዱ የወንዙን ዳር፣ አንዱ ደግሞ እያንዳንዱን የውኃ ጠርዝ። አጥሩ ከሦስቱ በአንዱም ላይ አይቆምም። ስለዚህ «ማን ትክክል ነው» ከማለት በፊት «ምኑን ነው የምንለካው» መባል አለበት።

ከእህትዎ ልጅ ልጀምር፤ የእሱ በቶሎ ያልቃል። በ1፡50,000 ካርታ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። 350 ሜትር አለ ማለት 7 ሚሊ ሜትር ክር ለካ ማለት ነው። የልብስ ስፌት ክር ራሱ ግማሽ ሚሊ ቢወፍር 25 ሜትር ይሸፍናል። ክሩን ሲያስተኛ፣ በጥፍሩ ሲይዝ፣ ማስመሪያ ላይ ሲያነብ አንድ ሚሊ ቢሳሳት ማንም አይፈርድበትም። በዚያች አንድ ሚሊ ግን መልሱ ከ300 እስከ 400 ይዋልላል። በዚያ ላይ ካርታ ሠሪ በዚህ መጠን ትናንሽ መታጠፊያዎችን ሁሉ ሊያሳይ አይችልም፤ እያለሰለሰ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ካርታ ላይ የተለካ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ከመሬቱ ያጥራል።

ልጁ ዘዴውን አልሳተም፣ ቦታውን ነው የሳተው። ጊልጌል ጊቤን ከአንድ ድልድይ እስከ ሌላ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ቢለካ ካርታው ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ ሁለት ሦስት ሚሊ ቢሳሳት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ይህን ከሞከረ ደግሞ የማይለጠጥ የጥጥ ክር ይያዝ። ክሩን ሳይወጥር፣ መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር በመርፌ ወይም በጥፍሩ ይዞ መስመሩ ላይ ያስተኛ። መነሻውንና መድረሻውን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። ከዚያ ክሩን በማስመሪያ ለክቶ በ50,000 ከማባዛት ይልቅ ካርታው ግርጌ ላይ ከተሳለው የኪሎ ሜትር መስመር ጋር ያመሳክር። ካርታው ፎቶኮፒ ሲደረግ ሊያንስ ወይም ሊሰፋ ይችላል። ያን ጊዜ የተጻፈው ቁጥር ይዋሻል፣ የተሳለው መስመር ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚለወጥ አይዋሽም። ለማሳዎ ግን ካርታውን ይተዉት።

አሁን ወንድምዎ። እሱ አልተሳሳተም፤ የማይፈለገውን በትጋት ነው የለካው። የወንዝ ዳር ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም። ከብት ውኃ ሊጠጣ የሚወርድበት፣ ዛፍ የተነቀለበት፣ ጎርፍ የበላው ቦታ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ አፉ 3 ሜትር የሆነ፣ ወደ ውስጥ 2 ሜትር የገባ ቦታ ይውሰዱ። አፉ ላይ ሲባጎ ዘርግቶ ያለፈ ሰው 3 ሜትር ይቆጥራል። ጠርዙን ተከትሎ ገብቶ የወጣ ሰው ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ፣ 2 ሜትር ተኩል ወደ ውጭ፣ በድምሩ 5 ሜትር ይቆጥራል። ለአንድ እንዲህ ዓይነት ቦታ 2 ሜትር ትርፍ መጣ ማለት ነው። አሥራ ሰባት ቦታ ቢኖር 34 ሜትር ይሆናል። በእርስዎና በወንድምዎ መካከል ያለው ልዩነት ዋናው ምንጭ ይህ እንደሆነ እገምታለሁ።

ወንድምዎ በአምስት ሜትር ፋንታ በአንድ ሜትር ዱላ ቢለካ ደግሞ ከ452ም ይበልጥ ነበር፤ በስንዝር ቢለካ ከዚያም በላይ። መለኪያው ባጠረ ቁጥር ተጨማሪ ትንንሽ ጥምዞች ይቆጠራሉ። ይህ የአገራችን ወንዝ አመል ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የአገሮችን ድንበር ርዝመት ሲያጠና ስፔንና ፖርቹጋል የጋራ ድንበራቸውን አንዱ 987 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 1,214 ኪሎ ሜትር ብለው መመዝገባቸውን አስተውሎ ነበር። ድንበሩ ያው አንድ ነው። በስንት ስንት ርቀት እየተራመዱ እንደለኩት ነው የሚለያየው። ስለዚህ «የወንዙ ርዝመት ስንት ነው» የሚል ጥያቄ፣ የመለኪያው ርዝመት ካልተነገረ፣ አንድ መልስ የለውም። የአጥሩ ርዝመት ግን አለው፤ ሽቦ ከቋሚ ወደ ቋሚ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ወንድምዎ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። 452 ሜትር በአምስት አምስት ሜትር ሲለካ ሲባጎው 90 ጊዜ ተነስቶ ተጥሏል። በእያንዳንዱ 2 ሴንቲ ቢሳሳትና ስህተቱ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ቢሆን በመጨረሻ የሚቀረው 20 ሴንቲ ቢሆን ነው። ነገር ግን ሰው አመል አለው። ሁልጊዜ አውራ ጣቱ ካረፈበት ኋላ የሚጀምር ከሆነ ሁለቱ ሴንቲ 90 ጊዜ ትደመራለች፤ 1 ሜትር ከ80 ትሆናለች። ስለዚህ ሲባጎው ባረፈበት ቦታ ጣት ወይም ጠጠር ሳይሆን ቀጭን ችካል ይተከል። ሁልጊዜም ከችካሉ አንድ ወገን፣ ለምሳሌ ከኋላው፣ ይነሱ።

የእርስዎ ልክ ለአጥሩ ይቀርባል፣ ግን ሁለት ችግር አለበት። ትልቁ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፤ የናይለን ሲባጎ ይለጠጣል። ሱቅ ወይም ቤት ውስጥ ላላ አድርገው 20 ሜትር የለኩት ሲባጎ፣ ቡና መሐል እንዳይረግብ ብለው ሲወጥሩት 20 ሜትር ከ60 ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን «20» ብለው ነው የቆጠሩት። 20 ጊዜ ወጥረው 6 ሜትር ከጨመሩ፣ መሬቱ 406 ሳይሆን 418 ሜትር ነበር ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሜትር በአንድ ሲባጎ ጠፋ። ወንድምዎ አራት አጥፎ ሲወጥር ግን ጉልበቱ ለአራት ክር ስለሚካፈል የእሱ ሲባጎ ብዙ አልተለጠጠም። አንድ ሲባጎ ነው ብላችሁ ነበር፤ ሥራ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ነበሩ።

ስህተቱ ወደየት እንደሚሄድ ማወቅም ቀላል ነው። መሬት ላይ ወጥረው ሜትር ላይ ላላ አድርገው ካነበቡ ልኩ ያንሳል። መሬት ላይ ላላ አድርገው ሜትር ላይ ወጥረው ካነበቡ ይበልጣል። በሁለቱም ቦታ እኩል ከወጠሩ ስህተቱ ይጠፋል። አያቶቻችን መሬት በቀላድ በሚለኩበት ዘመንም ገመዱን ማን ያዘው፣ ማን ሳበው የሚለው ቀላል ነገር አልነበረም።

ከናይለን ይልቅ የቃጫ ገመድ ይሻላል የሚሉ አሉ። በደረቅ ቀን እውነት ነው፣ የመለጠጥ ነገሩ ትንሽ ነው። ሲርስ ግን ይወፍራል፣ ሲወፍር ያጥራል። ጠዋት ጤዛ ባለበት ለክተው ከሰዓት ፀሐይ ላይ ቢደግሙት ሁለት ልክ ያገኛሉ። ናይለን ደግሞ ሲርስ ይበልጥ ለመለጠጥ ይመቻል። ጅማ ዝናቡ ቶሎ ጀምሮ ዘግይቶ የሚያቆም አገር ነው፤ ስለዚህ የትኛውንም ቢይዙ በዚያው ቀን፣ በዚያው እርጥበት፣ ከብረት ሜትር ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ነው። የተወጠረ ሲባጎ ኩርባ አይከተልም፣ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ልክ ነው። ግን ምን ያህል ይጎዳል? ይህን በግምት ሳይሆን በቦታው መለካት ይቻላል። ሁለት ችካል መሐል ሲባጎውን ይወጥሩ። ከሲባጎው መሐል ተነስተው እስከ ኩርባው ድረስ ያለውን ርቀት በአናጺ ሜትር ይለኩ። ይህን «ሆድ» ልበለው። ኩርባው ከሲባጎው በስንት እንደሚበልጥ በዚህ ይገኛል፦

ትርፍ = 8 × ሆድ × ሆድ ÷ (3 × የሲባጎው ርዝመት)

በ20 ሜትር ሲባጎ ሆዱ 1 ሜትር ከሆነ፣ 8 ለ60 ሲካፈል 13 ሴንቲ ነው። ሆዱ 2 ሜትር ከሆነ 53 ሴንቲ ነው። 3 ሜትር ሲሆን 1 ሜትር ከ20 ይደርሳል። እንደሚያዩት ሆዱ እጥፍ ሲሆን ትርፉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለዘብ ያለ ኩርባ ላይ ረጅም ሲባጎ ምንም አይልም፤ ጠበብ ያለ ኩርባ ላይ ግን ጉድ ይሠራል። ሆዱ ከሲባጎው ርዝመት አንድ አምስተኛ በላይ ከሆነ ይህን ስሌት አይመኑ፤ መሐል ላይ ሌላ ችካል ጨምረው ለሁለት ይክፈሉት። በሁለቱ ችካሎች መሐል መስመሩ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ የሚታጠፍ ከሆነም እንዲሁ፣ አቅጣጫው በሚለወጥበት ቦታ ላይ ችካል ያስፈልጋል።

ወደ እርስዎ ወንዝ እንምጣ። ኩርባው ዞሮ የሚመለስ፣ ግማሽ ክብ የሚመስል ነው እንበል፤ ከመሐሉ እስከ ውኃው 40 ሜትር። የኩርባው ርዝመት 126 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ20 ሜትር ሲባጎ ሲለካ ሆዱ 1 ሜትር ከ25 ነው። በእያንዳንዱ ሲባጎ 21 ሴንቲ ይጠፋል፤ በኩርባው ሙሉ 1 ሜትር ከ30 ገደማ። ስለዚህ ያጎደለብዎት ማቋረጡ አይደለም፤ መለጠጡ ነው። ጠባብ እጥፋት ቢኖር፣ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 15 ሜትር ብቻ የሆነ፣ እዚያ ሆዱ 4 ሜትር ሊቃረብ ይችላል፣ ለአንድ ሲባጎም ወደ 2 ሜትር ይጠፋል። እዚያ በአምስት ሜትር ይለኩ፤ ስህተቱ 2 ሴንቲ ገደማ ብቻ ይሆናል።

ይህ ስሌት አንድ ሌላ ስጋትም ያቃልላል። ሰዎች ሲባጎው መሐል ላይ ስለረገበ ልኩ ተበላሸ ብለው ይጨነቃሉ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ሁሉ ተጠቅመው ይስቡታል። ርግበቱም ሆድ ነው። 20 ሜትር ሲባጎ መሐል ላይ 20 ሴንቲ ቢረግብ የሚያመጣው ስህተት ግማሽ ሴንቲ ነው። ያንን ለማዳን ሲሉ ሲባጎውን በ60 ሴንቲ መለጠጥ ትርፍ የለውም። የቡና ቅርንጫፍ ሲባጎውን መሐሉ ላይ ወደ ጎን 1 ሜትር ገፍቶት ከሆነ ግን 10 ሴንቲ ገደማ ነውና ቅርንጫፉን ያንሱት።

አሁን ሥራው። መጀመሪያ የአጥሩን መስመር ይወስኑ። በውኃው ጠርዝ ላይ እንዳይሆን። ማሳዎ ኩርባው ውስጥ ስለሆነ ወንዙ በዚያ ወገን አሸዋና ደለል ይጥላል፣ የሚሸረሽረው በአብዛኛው ማዶውን ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ግን ክረምት ሲሞላ ውኃው ዝቅ ያለውን ወገን ያጥለቀልቃል፤ የበጋው ጠርዝና የክረምቱ ጠርዝ አንድ አይደሉም። ያለፈው ክረምት ጎርፍ የተወው ገለባና ቅጠል እስከየት እንደደረሰ ይመልከቱ፣ አጥሩን ከዚያ ወዲህ ያድርጉ።

መስመሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ርዝመቱም ይለወጣል። ግማሽ ክብ በሚያህል ኩርባ ላይ 5 ሜትር ወደ ውስጥ ከገቡ አጥሩ በ5 ጊዜ 3.14፣ ማለትም ወደ 16 ሜትር ገደማ ያጥራል። ኩርባው ሰፊም ይሁን ጠባብ ቁጥሩ ያው ነው። ማዶ ያለው ጎረቤትዎ 5 ሜትር ወደ ራሱ ቢያፈገፍግ በተቃራኒው በዚያው 16 ሜትር ይረዝምበታል። ይህን ሳያስቡ የወንዙን ዳር ለክቶ ሽቦ መግዛት ከሲባጎው መለጠጥም የባሰ ስህተት ነው።

መስመሩ ከታወቀ በኋላ አቅጣጫው በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ ችካል ይትከሉ። ቀጥ ባለው ቦታ በየ20 ሜትሩ፣ ኩርባው ላይ በየ10 ሜትሩ ይበቃል። ከዚያ ሲባጎውን ያዘጋጁ። ደልዳላ መሬት ላይ በ5 ሜትር የብረት ሜትር አራት ጊዜ ለክተው 20 ሜትር ላይ ሁለት ችካል ይትከሉ። ሲባጎውን ቀድመው ደጋግመው ይሳቡት፤ አዲስ ሲባጎ መጀመሪያ ላይ በጣም ይለጠጣል። ለመሳቢያው ቡና የምትመዝኑበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ይጠቀሙ። አንዱን ጫፍ ችካል ላይ አስረው ሌላውን በሚዛኑ ይሳቡ፣ 5 ኪሎ ሲያሳይ 20 ሜትሩ ያረፈበትን ቦታ በቀለም ክር ያስሩ። መሐሉን፣ 10 ሜትሩንም፣ እንዲሁ ምልክት ያድርጉ። ቋጠሮ አይሁን፣ ቋጠሮ እየጠበቀ ርዝመት ይበላል። ከዚያ ማሳው ላይ በእያንዳንዱ ልክ ሚዛኑ 5 ኪሎ ሲያሳይ ብቻ ይቁጠሩ። ሚዛኑ ክብደትን በትክክል ባያሳይ እንኳ ግድ የለም፤ የሚፈለገው ሁልጊዜ እኩል መሳቡ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሲባጎውን መልሰው በሁለቱ ችካሎች መሐል ይፈትሹት። ከ5 ሴንቲ በላይ ከተለወጠ ልኩን ይድገሙት።

ቆጠራውን የሚይዝ ሰው ሲባጎ የማይስብ ይሁን። በየሲባጎው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ያስምር። «አሥራ ሁለት ነው አሥራ ሦስት?» የሚለው ጭቅጭቅ ከመለጠጡም ከማቋረጡም ይበልጣል፤ አንዴ ከተሳሳቱ 20 ሜትር ነው የሚጠፋው።

በቁጥር እንየው። መስመሩ ከውኃው 5 ሜትር ወዲህ ነው እንበል። ከላይ ቀጥ ያለው ክፍል 7 ሲባጎ፣ 140 ሜትር። ኩርባው በ10 ሜትር 11 ጊዜ፣ 110 ሜትር። ከታች ያለው ክፍል 6 ሲባጎ ከ18 ሜትር፣ 138 ሜትር። ድምሩ 388 ሜትር። ከመጨረሻው ተነስተው ወደ ኋላ ሲለኩ 388 ሜትር ከ60 መጣ እንበል። ልዩነቱ 60 ሴንቲ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ በ400 ሜትር እስከ 1 ሜትር ልዩነት ይታለፋል፤ ከዚያ ከበለጠ የሆነ ቦታ ችካል ተዘሏል። አማካይ የሚወሰደው እዚህ ላይ ነው፤ 388 ሜትር ከ30። ኩርባው ላይ ሆዱ 36 ሴንቲ ነው። ቋሚዎቹን ኩርባውን ተከትለው በቅርብ በቅርብ ቢተክሉ እንኳ የሚጨመረው በሙሉ 37 ሴንቲ ገደማ ነው። ይርሱት።

በአምስት መስመር ሽቦ ሲባዛ 1,942 ሜትር ይሆናል። ለማዕዘን መጠምጠሚያ፣ ለመቀጠያና ለማሰሪያ 5 በመቶ ይጨምሩ፣ 2,040 ሜትር ገደማ። ወንድምዎን ይዘው ቢሄዱ ከዚያው ከ1,942 ጋር ሲወዳደር 318 ሜትር በትርፍ ይገዙ ነበር። የእህትዎን ልጅ ቢሰሙ 192 ሜትር ይጎድልብዎታል። አማካይ ያሉት 403 ሜትር ደግሞ በዚህ ምሳሌ 70 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚተርፈው። ቀርቧል፣ ግን በአጋጣሚ ነው፤ አንዱ የበዛው ሌላው ያነሰውን ሸፈነው። ሽቦው ከመገዛቱ በፊት የአንዱን ጥቅል ርዝመት ይጠይቁ፣ ከተቻለም አንዱን ዘርግተው ያረጋግጡ። በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ጥቅሉ ስንት ሜትር እንደሚወጣ ነጋዴው ይንገርዎ።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሲባጎውን መሬቱን ተከትለው ይለኩ፤ ሽቦውም እንደዚያው ስለሚሄድ። በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወርድ ቦታ ላይ ከአግድሙ ልክ ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። 30 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ግን ከ4 ሜትር ይበልጣል። ካርታና የይዞታ ስፋት የሚሠሩት በአግድሙ ልክ ነው። ስለዚህ የሲባጎዎን ቁጥር ይዘው «የማሳዬ ስፋት ተሳስቷል» ብለው እንዳይከራከሩ፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸው። ከጎረቤት ጋር የወሰን ጉዳይ ካለም ሲባጎ አይፈታውም። ቀበሌው ባለበት፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ በመሣሪያ ይለካ።

ስልክ ይዞ ዳሩን መሄድስ የሚል ይኖራል። ስልኩ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፣ የጥላ ዛፍ ሥር ደግሞ ይብስበታል። ቆመው እንኳ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እነዚያ ትናንሽ ውዝዋዜዎች ስለሚደመሩ የስልክ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ይበዛል፤ እንደ ወንድምዎ ልክ፣ ግን በሌለ ጥምዝ። ሲባጎ ቆጠራው ላይ አንድ 20 ሜትር መዘለል አለመዘለሉን ለመጠርጠር ብቻ ይጠቅማል።

ስለዚህ የሦስታችሁንም ቁጥር ይተዉት። የጎርፉን ምልክት አይታችሁ ችካል ትከሉ፣ ሲባጎውን ከብረት ሜትር ጋር አመሳክራችሁ በሚዛን እየሳባችሁ ሄዳችሁ ተመለሱ። ሦስት ሰው ካላችሁ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሽቦውን ከዚያ በኋላ ይግዙ፣ ችካሎቹንም ቋሚው እስኪቆም አይንቀሉ።